ብርሃንን በጥላው

አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከረከቦቱ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ወለሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። በዚያው ቀን ሦስት ፎቶግራፍ ተነሥታለች እንበል።

በመጀመሪያው ፎቶ ግቢ ውስጥ ናት። ፊቷ የማር መልክ ይዟል፤ ጥላዋ ከኋላዋ ረዝሞ እስከ ግድግዳው ተጋድሟል። በሁለተኛው ፎቶ ቤት ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ለተከፈተው በር ሰጥታለች። ፊቷ ደብዘዝ ብሎ ፀጉሯንና ትከሻዋን ቀጭን የብርሃን መስመር ከቦታል፤ የዕጣኑ ጭስም ነጭ ሆኖ አንድ በአንድ ይታያል። በሦስተኛው መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም፤ ከጉንጯ እስከ አገጯ ብርሃኑ ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል እንጂ እዚህ ላይ አበቃ የሚባልበት ቦታ የለውም።

ሦስቱንም ያየ ሰው «ብርሃኑ ደስ ሲል!» ይላል። አልተሳሳተም። ችግሩ ይህን አባባል ሰምቶ ከሦስቱ አንዱን በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሶ ማንሳት የሚችል ባለሙያ አለመኖሩ ነው። ሠርግ የሚደግስ ሰው ለፎቶ አንሺው፣ ፊልም የሚሠራ ሰው ለመብራት ባለሙያው የሚነግረው ነገር እዚህ ላይ ይደናቀፋል። «ቆንጆ»፣ «ደማቅ»፣ «ሞቅ ያለ» የሚሉት ቃላት የተመልካቹን ስሜት ይነግሩናል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣና ምን እንዳደረገ ግን አይነግሩንም።

የሚነግረን ጥላው ነው። ጥላው የወደቀበት አቅጣጫ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ የጥላው ርዝመት ብርሃኑ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደነበረ ያሳያል። የጥላው ጠርዝ ደግሞ የብርሃኑን ምንጭ ስፋት ይናገራል፤ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ ምንጩ ትንሽ ነው፣ እየሳሳ የሚጠፋ ከሆነ ትልቅ ነው። የጥላው ጥቁረት የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ከዋናው ብርሃን ውጭ፣ ከሰማይ ወይም ከግድግዳ ተንጸባርቆ የመጣ ስንት ብርሃን ጥላው ውስጥ እንደገባ። በዚህ ላይ ቀለሙ ሲጨመር መግለጫው ይሞላል።

ከእነዚህ ሁለቱን፣ ማለትም የጥላን ጠርዝና የጥላን ጥቁረት፣ አንድ አድርጎ መቁጠር በዚህ ሙያ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ግቢው። ባለሙያዎች «ጎልደን አወር» ወይም ወርቃማ ሰዓት የሚሉት ፀሐይ ከአድማስ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ካለችበት ጊዜ አንሥቶ ያለውን ብርሃን ነው። ወርቃማ የሆነበት ምክንያት መንገዱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኗ አየሩን በአጭሩ ሰንጥቆ ይመጣል። በ6 ዲግሪ ላይ ስትሆን ግን አየሩን በአግድም ስለሚያቋርጥ ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚጠጋ አየር ማለፍ አለበት፤ አድማሱን ስትነካ ደግሞ ከ35 እጥፍ ይበልጣል። አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ በብዛት ወደ ጎን ይበትነዋል። ስለዚህ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰማያዊው በየቦታው ተበትኖ ይቀርና ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ይደርሳሉ። የተበተነው ሰማያዊ ግን አልጠፋም፤ ሰማዩን ሰማያዊ ያደረገው እሱ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ የሴትዮዋ ጉንጭ ወርቅ ሲመስል ነጭ ቀሚሷ ላይ የወደቀው የእጅጌዋ ጥላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ እዚያ ጥላ ውስጥ የሚገባው የሰማዩ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ነው። የዚህ ሰዓት ውበት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከቢጫው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቢጫውና ሰማያዊው በአንድ ልብስ ላይ ጎን ለጎን መገኘታቸው ነው።

የቀለሙ መጠን በኬልቪን ይለካል። የቀትር ፀሐይ ወደ 5,500 ኬልቪን፣ የወርቃማው ሰዓት ፀሐይ ወደ 3,500 ገደማ፣ የሻማ ነበልባል 1,900 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ብርሃኑ ይቀላል። ብዙ ሰው በስልኩ የመሸበትን ወርቅ ሊያነሣ ሞክሮ ፎቶው አመድ የሚሆንበት ምክንያትም እዚህ አለ። ካሜራው የቀለም ሚዛኑን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ፣ ቢጫውን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያጥበዋል። መፍትሔው በካሜራው ላይ «ዋይት ባላንስ» የሚባለውን ወስዶ የፀሐይ ሥዕል ያለበት ላይ ማቆም ነው። ያን ጊዜ ካሜራው ነጭ ማለት የቀትር ነጭ ነው ብሎ ስለሚያስብ የምሽቱን ቢጫ እንደነበረ ይተወዋል።

«ወርቃማ ሰዓት» የሚለው ስም ግን አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ይዋሻል። ሰዓት አይሞላም። ስሙን የሰጡት አገሮች ከምድር ወገብ የራቁ ስለሆኑ ፀሐይ እዚያ ወደ አድማስ የምትወርደው አግድም እየተንሸራተተች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች ፀሐይ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ አንድ ዲግሪ ለመውረድ አራት ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከ6 ዲግሪ እስከ መጥለቂያዋ ያለው ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ክንድን ዘርግቶ ጣቶችን አግድም ከአድማሱ በላይ መደርደር ይበቃል፤ አንድ ጣት ወደ ሁለት ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ በፀሐይዋና በአድማሱ መካከል ሦስት ጣት ከገባ ሰዓቱ ጀምሯል። በውጭ አገር መማሪያዎች አንድ ጣት 15 ደቂቃ ነው የሚለውን ሕግ የሚከተል ፎቶ አንሺ እዚህ ሙሽሮቹን ሳያነሣ ይጨልምበታል፤ እዚህ አንድ ጣት ስምንት ደቂቃ ነው።

አድማሱም ቢሆን ሁልጊዜ ካርታው ላይ ያለው አድማስ አይደለም። ከከተማዋ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ቆሟል። ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ወይም ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ትጠልቃለች ቢባልም፣ ተራራው ከፊት ለሆነበት ሰፈር የሚደርሰው ብርሃን ከዚያ ቀድሞ ይቋረጣል።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ተራራ አያስፈልግም፤ አጥር ይበቃል። ፀሐይ 6 ዲግሪ ላይ ስትሆን የማንኛውም ነገር ጥላ የቁመቱን ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ያህል ይረዝማል። ተቀምጣ አንድ ሜትር ከፍታ ያላት ሴት ዘጠኝ ሜትር ተኩል ጥላ ትጥላለች፤ በስተምዕራብ ያለው የሁለት ሜትር አጥር ግን አሥራ ዘጠኝ ሜትር ይጥላል። ረከቦቱ ከአጥሩ አምስት ሜትር ላይ ከተዘረጋ ወርቃማው ብርሃን ከራሷ በላይ አልፎ የቤቱን ግድግዳ ብቻ ያገኘዋል። ከአጥሩ አሥራ ሁለት ሜትር ብትርቅ ፊቷ ይበራል፣ ጀበናው ግን አሁንም ጥላ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ የተነሣው ወይ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ወይ ሰገነት ላይ፣ ወይም ፀሐይ ገና 12 ዲግሪ ላይ ሳለች ነው፤ በ12 ዲግሪ የአጥሩ ጥላ በግማሽ ያጥራል፣ ቢጫውም ገና መምጣት ይጀምራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው የሠርግ ፎቶ አንሺ ቦታውን ቀደም ብሎ ሄዶ የሚያየው። የሚያየው አበባውን አይደለም፤ በስተምዕራብ ምን እንደቆመ ነው።

ብርሃኑ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር በቀለም ብቻ አያበቃም። በአግድም ስለሚመታ እያንዳንዱ ጉብታ የራሱ ጥላ ይኖረዋል፤ የቀሚሱ ጥልፍ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የጭቃው ግድግዳ ጭድ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የቀትር ፀሐይ በዓይን ጉድጓድ ውስጥ የምትጥለውን ጥቁር ጥላ ይህ ብርሃን አይጥልም፤ ከግንባር አጥንት በታች ገብቶ ብሌኑን ያበራል። በከፍታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለል አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ የሚበተነው ብርሃን ያንሳል፣ የቀትር ጥላም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ይጠቁራል። በጠራው የጥቅምት ቀትር የተነሣ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው ዓይኑ የጎደጎደ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። በ1978 የወጣው የቴረንስ ማሊክ ፊልም «ዴይስ ኦቭ ሄቨን» የወርቃማ ሰዓት ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል። ካሜራውን የያዘው ኔስቶር አልመንድሮስ ለሥራው ኦስካር ወስዷል። ፊልሙ የቴክሳስን እርሻ ቢተርክም የተቀረጸው በካናዳዋ አልበርታ የስንዴ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ልብ የማይለው ግን ስመ ጥር የሆኑት ትዕይንቶች ብዙዎቹ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ መነሣታቸውን ነው። ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድና ሲዘጋጅ ይውልና ፀሐይ ስትገባ በቀሩት ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ይጣደፋል። አልመንድሮስ ብዙ ብርሃን የሚያስገቡ ሌንሶችን እየቀያየረ፣ ፊልሙም ሲታጠብ ጉልበቱ እንዲጨመር እያደረገ የመጨረሻዋን ጭላንጭል ይጠቀም ነበር።

በእነዚያ ትዕይንቶች ውስጥ ጥላ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። ፀሐይዋ የለችማ! ብርሃን የሚሰጠው ግማሽ ሰማይ ስለሆነ ሰዎቹ ከየት እንደበሩ ሳይታወቅ ከራሳቸው የሚፈነጥቁ ይመስላሉ። ይህ ብርሃንና የቡናዋ ሴት ረጅም ጥላ ያለው ብርሃን በአንድ ስም ቢጠሩም ሥራቸው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ይቆርጣል፣ ሌላው ጠርዝ ያጠፋል። ስለዚህ «ወርቃማ ሰዓት» ብሎ ማቆም አይበቃም። ፀሐይዋ ከመግባቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው መጨመር አለበት። በኋላ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለሥራ የሚበቃው ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ሁለተኛው ፎቶ። በሩ ከኋላዋ ነው፤ ፀሐይዋ በበሩ በኩል ትገባለች፤ ካሜራው ከፊቷ ሆኖ ወደ በሩ ያያል። ይህ «ሪም ላይት» ወይም የጠርዝ ብርሃን ነው። ጥበቡ ብርሃኑ ፊቱን አለመንካቱ ላይ ነው። ከኋላ መጥቶ የፀጉሩን፣ የጆሮውን፣ የትከሻውን ዳር ብቻ ይልስና ወደ ካሜራው ያልፋል። ማንኛውም ነገር፣ ቆዳም ፀጉርም፣ ብርሃን በጣም በአግድም ሲነካው ከወትሮው አብልጦ ያንጸባርቃል፤ ረፋድ ላይ ጥቁር የሚመስለው አስፋልት ወደ ፀሐይ መውጫ ሲነዳ እንደ መስተዋት ዓይን የሚወጋው በዚያ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከኋላ የመጣ ትንሽ ብርሃን ከፊት ከመጣ ብዙ ብርሃን ይልቅ ይደምቃል።

ሥራው መለየት ነው። ጥቁር ፀጉር ጨለማ ግድግዳ ፊት ሲሆን ፎቶው የትኛው ፀጉር፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አይለይም፤ ራስ ቅሉ ከላይ የተቆረጠ ይመስላል። በጥቁርና ነጭ ዘመን የነበሩ የሆሊውድ ባለሙያዎች ከኋላ መብራት አንሰቅልም ማለት የማይታሰብባቸው ለዚህ ነበር፤ ቀለም ስለሌለ ሰውን ከኋላው ካለው ነገር የሚለየው ያ መስመር ብቻ ነው። ጭሱም በዚሁ ሕግ ይታያል። የዕጣን ጭስ ቅንጣቶች የሚነካቸውን ብርሃን አብዛኛውን ወደፊት፣ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይበትኑታል። ብርሃኑ ከካሜራው በኩል ከሄደ ጭሱ ይጠፋል፤ ከበሩ በኩል ወደ ካሜራው ከመጣ ጭሱ ይነጣል። ከጀርባው ጨለማ ግን ያስፈልገዋል፤ በሩ ራሱ ከጭሱ ኋላ ከገባ ነጭ በነጭ ላይ ይሆንና ምንም አይታይም። ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ጭሱን ከጨለማው ግድግዳ ጋር ማገናኘት አለበት። ልዩነቱ ያቺ አንድ እርምጃ ናት።

የጠርዝ ብርሃን ሲበላሽ ምልክቱ በቀላሉ ይታወቃል። የአፍንጫዋ ጫፍ ለብቻው ካበራ መብራቱ ከኋላ ወደ ጎን መጥቷል፤ ወደ ኋላ ይመለስ። ጆሮዋ ደም መስሎ ከቀላ ብርሃኑ ስስ ሥጋውን አልፎ እየመጣ ነው፤ ወይ መብራቱን ከፍ ማድረግ፣ ወይ ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ ማድረግ ነው። ፎቶው በሙሉ ነጭ ጉም የለበሰ ከመሰለ ደግሞ ብርሃኑ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ገብቷል፤ በእጅ መዳፍ ከሌንሱ በላይ ጥላ መስጠት ብቻ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ነጠላው ነው። ጥቁር ፀጉር ብዙ ብርሃን ስለሚውጥ መስመሩ ጎልቶ እንዲወጣ ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ በዚያው ብርሃን ውስጥ ሽመናውም ጥለቱም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ቢሞከርም አይመለስም፣ የተቃጠለ ነጭ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለምና። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። መጠኑን በነጠላው ለክቶ ፀጉሩን መቆጠብ ይቻላል፤ አለዚያም ነጠላውን ከራሷ አውርዶ ከፀሐይዋ ራቅ ወዳለው ትከሻዋ ማዞር። ስልክ በራሱ ከተተወ ግን ሦስተኛ ነገር ያደርጋል፤ የበሩን ድምቀት አይቶ ይደነግጥና ሁሉን ያጨልማል፣ ሴትዮዋም ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆና ትቀራለች። ፊቷ ላይ ጣት አስነክቶ ብርሃኑን መጨመር፣ በሩ እንዲነጣ መፍቀድ፣ ከዚያም ከፊቷ ነጭ ነገር አስቀምጦ ጥቂት ብርሃን መመለስ ያስፈልጋል። (ጉዝጓዙን ለዚህ አይተማመኑበት፤ ፀሐይ ያረፈበት ቄጠማ የሚመልሰው ብርሃን አረንጓዴ ስለሆነ አገጯን የታመመች ያስመስለዋል።)

ሦስተኛው ፎቶ ከሁለቱ ይልቅ ቀላል ይመስላል። በብዛት የሚሳሳቱት ግን በእሱ ነው።

ለስላሳ ብርሃን የሚባለው ምንጩ ከተነሺው አንጻር ትልቅ የሆነ ብርሃን ነው። አንጻር የሚለው ቃል ይሰመርበት። ፀሐይ ከምድር ከመቶ እጥፍ በላይ ሰፊ ብትሆንም 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለራቀች ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ትይዛለች፤ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ የትንሿ ጣት ጥፍር ትሸፍናታለች። ለፎቶ ሥራ ፀሐይ ትንሽ አምፖል ናት፤ ጥላዋም የተቆረጠ ነው። የክረምት ደመና ሰማዩን ሲሸፍነው ግን ምንጩ ፀሐይዋ መሆኑ ይቀርና ሙሉው ሰማይ ይሆናል። ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ጥላው ውስጥ ይገባና ጠርዙን ያሟሟዋል። የስቱዲዮው «ሶፍት ቦክስ»፣ ያ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ትልቅ ሳጥን፣ የደመናውን ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል።

ቤት ውስጥ ያለ ነጭ ነጠላም ይሠራዋል። በሦስተኛው ፎቶ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ላይ ነጠላ ተወጥሯል፤ ፀሐይዋ ጨርቁን ስትመታው ጨርቁ በሙሉ ያበራል፣ ከዚያ በኋላ የሴትዮዋ ብርሃን ፀሐይዋ መሆኗ ቀርቶ የአንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ነው። ጥለቱ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ ባለቀለሙ ዳር በፊቷ ላይ ቀለም ያሳርፋል። ያልነጣ፣ ወደ ቅቤ የሚያደላ ፈትል ከሆነ ብርሃኑም ወደ ቢጫ ያደላል፤ የውጭ አገር የፊልም ሠራተኞችም ለዚሁ ሥራ የነጣና ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ለይተው ይዘዋል። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት ላይ ግን ነጠላ መወጠር ከንቱ ነው። እዚያ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ድሮም ለስላሳ ስለሆነ ጨርቁ የሚያደርገው ማደብዘዝ ብቻ ነው።

ስለ መጠን ከተነሣ አንድ የተለመደ ጉዳይ እናንሣ። ብዙ ሰው ፍላሹ ላይ ስስ ወረቀት ወይም ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ለጥፎ ብርሃኑን ያለሰለሰ ይመስለዋል። ወረቀቱ የፍላሹን ያህል ስፋት ነው ያለው፤ ምንጩ አላደገም፣ ጥላውም እንደተቆረጠ ነው፤ የቀነሰው ኃይሉ ብቻ ነው። ጠባብ ነጭ ክፍል ውስጥ ትንሽ ለውጥ ካመጣ፣ ያመጣው ብርሃኑ ተበትኖ ግድግዳዎቹን በማብራቱ ነው፤ እዚያ ሶፍት ቦክሱ ክፍሉ ራሱ ነው። ሜዳ ላይ ግን ግድግዳ የለም። ጨርቁ መሥራት የሚጀምረው ከመብራቱ ራቅ ብሎ፣ መብራቱ ሙሉ ስፋቱን ሲያለብሰው ነው። መሃሉ ላይ ደማቅ ክብ፣ ዳር ዳሩ ጨለማ ከታየ መብራቱ በጣም ቀርቧል፤ ትልቅ ጨርቅ ገዝቶ በትንሹ መጠቀም ማለት ነው።

ጨርቁ ከሰውዬው ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ አንድ ሜትር ላይ ሲሆን ፊቱን ያቅፈዋል። ሦስት ሜትር ቢርቅ ያው ጨርቅ ለፊቱ ሦስት ጊዜ ጠቦ ይታየዋል፣ የአፍንጫው ጥላ ጠርዝ ማውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ከጨርቁ ስፋት በላይ አለመራቅ ጥሩ ልማድ ነው። ቅርበቱ ሌላም ነገር ያመጣል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ላይ ያለ ፊት ሲበራ ሦስት ሜትር ላይ ያለው ግድግዳ ይጨልማል።

እዚህ ላይ ነው ቅድም የተባለው ስሕተት የሚገለጠው። ለስላሳ ማለት ጥላ የሌለው ማለት አይደለም፤ ደብዛዛ ማለትም አይደለም። ጥላው ጠርዙ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ድቅድቅ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው በጢስ የጠቆረ የገጠር ጎጆ ውስጥ በበሩ በኩል ብርሃን የሚያገኝ ፊት እንዲህ ነው፤ ወደ ጥላው የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲደርስ ግን ከጥቁሩ ግድግዳ የሚመለስ ብርሃን ስለሌለ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ያው ፊት፣ ያው በር፣ ግድግዳው ነጭ ኖራ ቢቀባ ጥላው ይሳሳል። ብርሃኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለፎቶ አንሺው «ለስላሳ ብርሃን እፈልጋለሁ» ሲል ፎቶ አንሺው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ጥላው ይቅር ወይስ ይኑር? ጥላው እንዲሳሳ ከተፈለገ ከመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ አንሶላ ይቆማል። እንዲጠቁር ከተፈለገ በዚያው ቦታ ጥቁር ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሰቀላል።

ትልቅ ምንጭ ለጠይም ቆዳ የሚያደርገው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ጠይም ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በላዩ በሚንጸባረቀው ወዝ ነው። ምንጩ ትንሽ ሲሆን ወዙ ግንባር ላይ እንደ ነጭ ጠብታ ይከማቻል፣ ሰውዬው ያላበው ይመስላል። ምንጩ ሲሰፋ ያው ወዝ በጉንጩ አጥንት ላይ ተዘርግቶ እንደ ሐር ይሆናል፤ ዱቄት ከመቀባት ይልቅ ጨርቅ ማስፋት ይሻላል። ይህን በፊልም ካሳዩት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የኃይሌ ገሪማ ተማሪ የነበረው ያንግ በ2014 የወጣውን «ሰልማ»ን ቀርጿል፤ በ«አራይቫል» ደግሞ በ2017 ለኦስካር ታጭቷል። በ«አራይቫል» ሰዎቹ ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር የሚገናኙበት ትልቅ ነጭ ግድግዳ ራሱ የብርሃኑ ምንጭ ነው። የፊታቸው አንድ ወገን በዚያ ነጭ ይታጠባል፣ ሌላው ወገን ወደ ጨለማ ይሄዳል፣ በሁለቱ መካከል ግን መስመር የለም። ለስላሳም ጨለማም በአንድ ፊት ላይ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስተኛውን ፎቶ እንዲደግም የሚታዘዝ ሰው ምን ይባል? እንዲህ ቢባል ይገባዋል፦ «ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ላይ ነጭ ነጠላ ወጥር፣ ጥለቱን አጥፈህ። ሴትዮዋ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ትቀመጥ፣ መስኮቱ ከካሜራው በስተግራ፣ ከዓይኗ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን። በስተቀኝ ምንም ነጭ አታቁም። ግድግዳው ሦስት ሜትር ይራቅ። የቀለም ሚዛኑ የቀትር ፀሐይ ላይ ይቁም።» ስሜት የሚገልጽ አንድ ቃል የለበትም፤ ፎቶውን ያላየ ሰው ግን ሊያነሣው ይችላል።

የሚነግረው ሰው ባይገኝስ? ፎቶው ብቻ በእጁ ከሆነ የሴትዮዋን ዓይን እስኪሞላ ድረስ ያጉላው። በብሌኗ ላይ ከግራ በኩል ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ነጭ አራት ማዕዘን አለ። ክብ አይደለም፣ ስለዚህ የስቱዲዮ ጃንጥላ አልነበረም፤ ነጥብም አይደለም፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ አልነበረም። የብሌኑን ሰፊ ቦታ ይዟል፣ ቅርብ ነበር ማለት ነው። በመሃሉ ቁልቁል የምታልፍ ቀጭን ጥቁር መስመር የመስኮቱ ብረት ናት። ከአራት ማዕዘኑ በስተቀኝ ምንም የሚያበራ ነገር የለም፤ በዚያ በኩል አንሶላ አልቆመም። ከሥር፣ መሃል ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ትታያለች፦ ክርኖቹን ግራና ቀኝ አውጥቶ ያጎነበሰ ሰው፣ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ።